ፐርሜትሪን ሁለት ጊዜ ተቀብታ ቅማሉ ያልለቀቃት ልጅ

ጥያቄ፦ «ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከጆሮዋ ኋላ እያሳከካት እንቅልፍ አጥታለች። ቅማል መሆኑን ሳይ ፀጉሯን ፈትቼ ከመድኃኒት ቤት የሰጡኝን 1 በመቶ ፐርሜትሪን ቅዳሜ ዕለት ቀባኋት። ሳምንቱን ደህና ሰነበተች፤ በስምንተኛው ቀን እሁድ ግን ትንንሽ ቅማሎች አየሁ። በማግስቱ ደግሜ ቀባኋት፤ ያኔ ሹሩባ ተሠርታ ስለነበር ሳልፈታ በላዩ ላይ ነው የቀባሁት። አሁን 10 ቀን ሆነ። ማሳከኩ አልተዋትም፣ ቅጫሙም እንዳለ ነው፣ ትናንት ደግሞ ትራሷ ላይ አንድ ትልቅ ቅማል አገኘሁ። አብራት የምትተኛውን የ5 ዓመት እህቷን አያሳክካትም፤ ስለዚህ እሷን አልነካኋትም። መድኃኒቱ የውሸት ነው ወይስ ቅማሉ ተላምዶታል? እናቴ ነጭ ጋዝ ቀቢያት እያለችኝ ነው። ትምህርት ቤቱም ቅጫሙ ሳይጠፋ እንዳትመጣ ብሏል።»

ምላሽ፦ መድኃኒቱን ከመወንጀልዎ በፊት ቀኖቹን እንቁጠር። ቅጫም ከተጣለ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ቅማል አድጎ እንቁላል ለመጣል ደግሞ ሌላ ከ9 እስከ 12 ቀን ያስፈልገዋል። ፐርሜትሪን የሚሄደውን ቅማል ይገድላል፤ እንቁላል ውስጥ ያለውን ግን ሁሉንም አይገድልም። ቅማሉ ቢላመደው ኖሮ ወይም ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ውኃ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እሁድ ትልልቆቹን ሲሄዱ ያገኟቸው ነበር። እርስዎ ግን ሳምንቱን ሙሉ ምንም አላዩም፤ በስምንተኛው ቀን ያዩትም ትንንሾቹን ብቻ ነው። እነዚያ ከመድኃኒቱ በሕይወት ከተረፈ ቅጫም በዚያው ሰሞን የወጡ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅባት ሥራውን ሠርቷል። ሁለተኛው ቅባት የሚታዘዘውም ለእነዚህ ነው፤ የቀቡበት ዘጠነኛው ቀን ደግሞ ትክክለኛው ቀን ነው።

ችግሩ ያለው ሹሩባው ላይ ነው። ፐርሜትሪን የሚሠራው በነካው ፀጉርና በነካው ቆዳ ላይ ብቻ ነው። በተሠራ ሹሩባ ላይ ሲፈስ የክፍፍሉን መስመርና የጉንጉኑን ውጪ ያረጥባል፤ ከራስ ቆዳው ጋር የተጣበቀው የጉንጉኑ ውስጥ ግን ደረቅ ይቀራል፣ ቅማሉም የሚሸሸገው እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ቅባት እንዳልተቀባች ይቁጠሩት። በእሁዱ ያዩዋቸው ትንንሾች ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ቀናት አድገው እንቁላል መጣል የሚጀምሩበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ትራስ ላይ ያገኙት ትልቅ ቅማል ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ምንጭ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም ታናሿ ናት። «አያሳክካትም» ማለት «የለባትም» ማለት አይደለም፤ በሥራዬ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ ብዙ ቤት የሚያንከራትተው ይሄ ነው። የሚያሳክከው የቅማሉ ንክሻ ሳይሆን ሰውነት ለቅማሉ ምራቅ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅማል የያዘው ልጅ ላይ እስኪቀሰቀስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቀደም ሲል የያዘው ልጅ ግን በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ማከክ ይጀምራል። የ5 ዓመቷ ልጅ አንድ ትራስ ላይ ራስ ለራስ ገጥማ እየተኛች ቅማል ሳይሻገርባት ቀርቷል ብዬ አላምንም። ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ከአንዱ ፀጉር ወደ ሌላው በእግሩ ነው የሚሻገረው፤ ለዚያ ደግሞ ከአንድ አልጋ የተሻለ ድልድይ የለውም። ታላቋን አጥርተው ታናሿን ከተዉ በሳምንቱ ሌላ ጠርሙስ ይገዛሉ።

ስለ ትራሱ ቅማል አንድ ነገር ልጨምር። ቅማል ከራስ ተለይቶ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ጤነኛ የሆነው ፀጉሩን አይለቅም፤ ትራስ ላይ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ወይም የተጎዳው ነው። ስለዚህ እሱ ራስ ላይ ሌሎች መኖራቸውን ሊነግርዎት ይችላል እንጂ ትራሱ የበሽታው ምንጭ አይደለም። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ቤቱን በተባይ መድኃኒት መርጨት፣ መጋረጃ ማጠብ አያስፈልግም። ልጆቹ ባለፉት ሁለት ቀናት የተጠቀሙበትን የትራስ ልብስ፣ ሻሽና ኮፍያ በሙቅ ውኃ ይጠቡ፤ ማበጠሪያዎቹን እጅ በሚያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ያ ይበቃል። የቀረውን ጉልበትዎን ለማበጠሩ ያቆዩት።

አሁን ከጆሮ ኋላ ወዳለው ማሳከክ ልምጣ። ቅማል ሙቀትና ጥላ ስለሚወድ እንቁላሉን በብዛት የሚጥለው ከጆሮ ኋላና ማጅራት ላይ ነው፤ ማሳከኩም የሚበረታው እዚያ ነው። ነገር ግን ቅማሉ ሁሉ ከሞተ በኋላም ምራቁ ያስነሳው አለርጂ ወዲያው አይበርድም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ማሳከክ የተለመደ ነው። ፐርሜትሪን ራሱም አንዳንድ ልጆችን ለጥቂት ቀናት ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ማሳከክን ብቻ አይተው መድኃኒት አይድገሙ። መድኃኒት የሚደገመው አንድም በቀጠሮው ቀን፣ አንድም ሕያው ቅማል ሲታይ ነው። ከዚህ ውጪ ሲደጋገም የራስ ቆዳው ይቆጣል፤ ቆዳው ሲቆጣ ደግሞ ያሳክካል፤ እናት ይህን ስታይ ቅማሉ ያልሞተ ይመስላትና ሌላ ትቀባለች። በዚህ አዙሪት ቅማል የሌለበት ራሱ ቆስሎ የሚመጣ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ቅጫሙም እንዲሁ ነው። ቅማል እንቁላሉን ከፀጉሩ ሥር፣ ከራስ ቆዳው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጫሙ ቦታውን አይለቅም፤ ፀጉሩ ሲያድግ ይዞት ይሄዳል። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከቆዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የራቀ ቅጫም አብዛኛውን ጊዜ የተፈለፈለ ቀፎ ወይም የሞተ እንቁላል ነው። በጥቁር ፀጉር ላይ ከሩቅ ነጭ ሆኖ የሚታየው ባዶው ቀፎ ነው፤ ሕይወት ያለው ቅጫም ቡናማ ስለሆነና ከሥሩ ስለሚቀመጥ ለዓይን ይሰወራል። እርስዎን የሚያስጨንቅዎትና ትምህርት ቤቱን የሚያስፈራው ቅጫም ባመዛኙ ማንንም የማያሳክክ ባዶ ቀፎ ነው ማለት ነው። በመድኃኒትም አይረግፍም፤ በማበጠሪያ ወይም በጥፍር ተስቦ ይወጣል፣ አለዚያም ፀጉሩ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። ፎረፎር ይሁን ቅጫም ካልለዩት በጥፍርዎ ይግፉት፤ ፎረፎር ይረግፋል፣ ቅጫም ፀጉሩን ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ከራሷ ላይ ፀጉሩ የተቆራረጠበት ወይም የተመለጠ ክብ ቦታ ካገኙ ግን ነገሩ ጭርት ሊሆን ስለሚችል የቅማል መድኃኒት አይረዳትም፤ የራስ ጭርት በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚታከመው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ሕያው ቅማል አለ ወይስ የለም? ካለ መጠኑ ስንት ነው? ይህን ደግሞ ፀጉርን እየከፈሉ በዓይን በመፈለግ አያውቁትም። ቅማል ብርሃን ሲያገኝ ይሸሻል፣ ፈጣንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀርመን በወጣ ጥናት ሕያው ቅማል ካለባቸው ተማሪዎች መካከል በዓይን ፍለጋ የተገኘባቸው ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ናቸው፤ ፀጉሩን አርጥቦ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ በማበጠር ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ተገኝቶባቸዋል። በእርጥብ ፀጉር ላይ ቅማል ይደነዝዛል፤ ኮንዲሽነር ሲጨመርበት ደግሞ ማበጠሪያው ያለችግር ይንሸራተታል።

ሹሩባውን ፈትተው ፀጉሯን ይጠቡ፤ ቅቤ ካለበት በሻምፖ ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ከዚያ ርካሽም ቢሆን ኮንዲሽነር ከተለመደው ሦስት እጥፍ ያህል አድርገው ፀጉሩ እስኪሙለጨለጭ ይቀቡት፤ አያለቅልቁት። በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፉ እየጀመሩ ቋጠሮውን ሁሉ ይፍቱ። ይህን ሳይጨርሱ የቅማል ማበጠሪያውን አያንሱ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ፀጉሩ ይበጣጠሳል፣ ቅማሉ ግን ይቀራል። ከዚያ ፀጉሩን አሥራ ሁለት ያህል ቦታ ከፍለው በመያዣ ይያዙት። ከእያንዳንዱ ክፍል ጣት የማይሞላ ስስ ዘለላ እየለዩ የቅማል ማበጠሪያውን ጥርስ የራስ ቆዳውን እስኪነካ አስገብተው እስከ ጫፉ በአንድ ስበት ይሳቡት። በእያንዳንዱ ስበት ማበጠሪያውን በነጭ ሶፍት ይጥረጉና ያዩትን ይመልከቱ። ከማጅራትና ከጆሮ ኋላ ይጀምሩ፤ ሁሉንም ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው አንድ ዙር ይድገሙ። ወፍራም ፀጉር ላይ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በሩብ ሰዓት ከጨረሱ አላበጠሩም።

ማበጠሪያው ራሱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጥርሶቹ ረጃጅም፣ ጠንካራና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆን አለበት፤ የብረቱ ከፕላስቲኩ ይሻላል፣ ፕላስቲኩ በወፍራም ፀጉር ሲሳብ ጥርሱ ይከፈታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቅጫም ያለበትን አንድ ዘለላ ከሥር እስከ ጫፍ ይሳቡት። ቅጫሙ ከቦታው ሳይነቃነቅ ማበጠሪያው ካለፈ ሰፊ ነውና ይመልሱት።

እዚህ ላይ ገደቡን በግልጽ ልናገር። ይህ ማበጠሪያ የተሠራው ቀጥ ላለ ፀጉር ነው። በጣም የተጠቀለለና የጠነከረ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር ተቀብቶም አላልፍ ሊል ይችላል። ዘለላውን ይበልጥ ማሳነስና በጣት ወጥሮ መያዝ ይረዳል። ከዚያም በኋላ ካላለፈ አያስገድዱት፤ እንደዚያ ያለ ፀጉር ያላትን ልጅ በማበጠር ብቻ አጠራለሁ ብሎ መነሳት አያዋጣም፣ ሕክምናው በመድኃኒት ላይ መመሥረት አለበት። ለለስላሳ ፀጉርም ቢሆን ማበጠር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በብሪታንያ በተደረጉ ሁለት ጥናቶች ማበጠር ብቻ የተደረገላቸው ልጆች የጸዱት እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው 38 በመቶ፣ በ2005 በወጣው 57 በመቶ ናቸው። ለዚህ ነው ለእርስዎ ልጅ ሁለቱን አንድ ላይ የማዝዘው፤ መድኃኒቱ ይገድላል፣ ማበጠሪያው የተረፈውን ያወጣል፣ የሆነውንም ያሳያል።

ሶፍቱ ላይ የሚያዩት እንዲህ ይነበባል። ያደገ ቅማል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ነው፤ ገና የተፈለፈለው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ገርጣ ያለ ነው። ከተቀባች በ8 እና በ12 ሰዓት መካከል ሲያበጥሯት የሞቱ ብቻ ከወጡ መድኃኒቱ ሠርቷል። እየተንፏቀቁ የሚሄዱ ጥቂቶች ከታዩም ገና እየሠራ ነው፤ አብጥረው ያውጧቸውና ሌላ መድኃኒት አይጨምሩ። ትልልቆቹ እንደ ድሮው ቀልጠፍ ብለው ከሄዱ፣ አቀባቡም ትክክል ከነበረ፣ ያኔ መላመድን እንጠረጥራለን። በሳምንቱ ትንንሾች ብቻ ከታዩ እንቁላል ተርፏል፤ ሁለተኛው ቅባት ይቀራል ማለት ነው። ለብዙ ቀናት ምንም ሳይወጣ ቆይቶ ድንገት አንድ ሁለት ትልልቅ ብቻ ከወጡ፣ ትንንሽም ከሌለ፣ ከሌላ ራስ የመጣ እንግዳ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም የወንበር ጓደኛ እንጂ አዲስ መድኃኒት አይደለም።

የእርስዎን ቤት ወደዚህ እናምጣው። ዛሬ ሁለቱንም ልጆች ያብጥሩ፤ ራስዎንም ያስበጥሩ። ሕያው ቅማል የተገኘበት ሁሉ በአንድ ቀን ይቀባል። ታናሿ ላይ ምንም ባይገኝም አልጋ ስለምትጋራ አብራ ትቀባ። ፐርሜትሪኑን አሁኑኑ ለመተው ምክንያት የለዎትም፤ አንድ ጊዜ ሠርቶልዎታል። ግን ኮንዲሽነሩን በደንብ አጥበው ያስወግዱት፤ በፀጉሩ ላይ ከቀረ መድኃኒቱን ያዳክመዋል፣ ቅቤም እንዲሁ። ፀጉሩን በፎጣ አድርቀው እርጥበቱ ብቻ ሲቀር፣ ከሥር እስከ ጫፍ እስኪርስ ይቀቡት፤ ከጆሮ ኋላና ማጅራት ላይ እጅዎ አይሰስት። ወፍራም ፀጉር አንዱን ትንሽ ጠርሙስ ሙሉ ሊጨርስ ይችላል፤ አንዱን ለሁለት ልጅ ማካፈል ሌላው የተለመደ የመክሸፍ መንገድ ነው። ዓይኗን በፎጣ ትሸፍን። ሰዓት እያዩ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በውኃ ብቻ ያለቅልቁ፤ ለሁለት ቀን ሻምፖ አይንካው። በዘጠነኛው ቀን ሁለቱንም ልጆች፣ ፀጉራቸው ተፈትቶ፣ ይድገሙ።

በእነዚህ መካከል ማበጠሩ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ይሁን። ቀኖቹ እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም፦ በየአራት ቀኑ ካበጠሩ የተፈለፈለው ሁሉ አድጎ ሌላ እንቁላል ከመጣሉ በፊት ይወጣል፤ በ13ኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ያለው ቅጫም ሁሉ ተፈልፍሎ አልቋል። በ17ኛው ቀን አንድ የማረጋገጫ ማበጠር ያድርጉ፤ ሕያው ቅማል ካልወጣ ቅጫም ቢኖርም ባይኖርም ጨርሰዋል። እስከዚያ ሹሩባ ይቅር። በቀላሉ የሚፈታ ሁለት ሦስት ጉንጉን ይበቃታል። ሹሩባ የምትሠራላትንም በግልጽ ይንገሯት፤ ማበጠሪያዋ ከራስ ወደ ራስ ይዞራልና።

በትክክል ተቀብታ፣ በ8 እና በ12 ሰዓት መካከል ትልልቆቹ ቀልጠፍ ብለው ሲሄዱ ካዩ ግን ሦስተኛ ጊዜ ፐርሜትሪን አይግዙ። ፐርሜትሪንን የለመደ ቅማል በብዙ አገሮች አለ፤ ለእከክ የሚታዘዘው 5 በመቶው ክሬምም ያንን ቅማል ይበልጥ ይገድላል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ያኔ የሚያስፈልገው በሌላ መንገድ የሚገድል ነው። ካገኙት የመጀመሪያ ምርጫዬ 4 በመቶ ዳይሜቲኮን ነው። መርዝ ሳይሆን የሲሊኮን ዘይት ነው፤ ቅማሉን ሸፍኖ የሰውነቱን ውኃ እንዳያስወጣ ያግደዋል፣ ስለዚህ ቅማል ይላመደዋል ተብሎ አይጠበቅም። ደረቅ ፀጉር ላይ ተቀብቶ 8 ሰዓት ያህል ያድራል፣ በሳምንቱ ይደገማል፤ ማበጠሪያ ለማያልፍበት ፀጉርም የተሻለው እሱ ነው። አንድ አደጋ ግን አለው፦ የተቀባ ፀጉር እሳት ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከጧፍ ትራቅ፤ ቡና በሚፈላበትም አትቀመጥ።

ሁለተኛው የሚዋጥ አይቨርመክቲን ነው፤ ለእከክና ለኦንኮሰርካ ሲታደል ብዙ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ሌላ መድኃኒት እምቢ ባላቸው ቤተሰቦች ውስጥ አይቨርመክቲን በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከወሰዱት 95 በመቶው ጸድተዋል፤ በማላታዮን ቅባት ከታከሙት 85 በመቶው። የሚሰጠው በልጁ ክብደት ተሰልቶ ነው፣ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፣ እንቁላሉንም ስለማይገድል አንድ ጊዜ ብቻ መዋጥ አይበቃም። የ5 ዓመቷ ልጅዎ ለዚያ ገደብ ቅርብ ልትሆን ትችላለችና ሳትመዘን፣ ሐኪም ሳያይ አይስጧት። ለታላቋ የታዘዘውን ቆርሶ ለታናሿ መስጠት አይሆንም።

ነጭ ጋዙን ይተዉት። እናትዎ የሚሉት ከየትም የመጣ አይደለም፤ ጋዝ ቅማል ይገድላል። ግን የልጅን የራስ ቆዳ ይልጣል፣ ትንሽ ከተዋጠና ትን ካለ ሳንባ ያቆስላል፣ ምድጃ በሚነድበት ቤት ደግሞ ፀጉሯ ላይ ሊነድ ይችላል። የራስ ቅማል ልጅ አይገድልም፤ ነጭ ጋዝ ግን ልጅ ገድሎ አያውቅም ማለት አይቻልም። ለእህል ወይም ለከብት የሚረጨው ማላታዮን፣ የበረሮ መርጫና ዲዲቲም እዚሁ መደብ ናቸው፤ በቆዳ ዘልቀው ሊመርዙ ይችላሉ። ለራስ ተብሎ የተሠራው ማላታዮን ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑና አሠራሩ ሌላ ነው። ቅቤና የምግብ ዘይት ጉዳት የላቸውም፤ ማበጠሩንም ያቀልላሉ። ግን ቅማል መተንፈሻውን ዘግቶ ለሰዓታት ስለሚቆይ በእነሱ ይታፈናል ብለው አይተማመኑ።

መላጨት ይሠራል። ለወንድ ልጅ ወላጅም ልጁም ካልከፋቸው ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። ለ8 ዓመት ሴት ልጅ ግን ክፍል ውስጥ የሚያሰሟትን እያሰብኩ አላዝዘውም፤ ያለ እሱም ይድናል።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ መምህሯን በ13ኛው ቀን ሳይሆን ነገ ያነጋግሩ። ትክክለኛ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ጥቅም የለውም፤ ቅማሉ ሲታወቅ ሳምንታት ቆይቷል፣ የቀረው ቅጫም ደግሞ በራሱ አይሻገርም። ይልቅ ከጎኗ የሚቀመጡት ልጆች ወላጆች በዚሁ ሳምንት እንዲያበጥሩ ይንገሩልኝ ይበሉ፤ እነሱ ካልተበጠሩ ልጅዎ በ17ኛው ቀን ጸድታ በ20ኛው እንደገና ልትያዝ ትችላለች። «ተስቦና ግርሻ ያመጣል» የሚል ካለ፣ እነዚያን በሽታዎች የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የሰውነት ቅማል ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች የራስ ቅማል የእነዚህ በሽታዎች መተላለፊያ ተብሎ አይቆጠርም። የቆሸሸ ቤት ምልክትም አይደለም፣ በየቀኑ የታጠበ ፀጉርም ይይዘዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሄድዎት እነዚህ ናቸው፦ ከጆሮዋ ኋላ ወይም ማጅራቷ ላይ የታከከው ቦታ ማር የመሰለ ቅርፊት ካበጀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካላት ቁስሉ በባክቴሪያ ተይዟልና ከቅማሉ ጋር አንቲባዮቲክ ሊያስፈልጋት ይችላል። እዚያው አካባቢ የሚዳሰስ ትንሽ ንፍፊት የቅማልና የማከክ ተከታይ ነው፤ ቅማሉ በጠፋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ፣ እያደገ ከሄደ ወይም ከቀላና ካመማት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያስመርምሯት።